ለዕቃ አድራሽ የመጀመሪያዋ ያገለገለች ሞተር ሳይክል፦ 110፣ 125 ወይስ 150?

ያገለገለች ሞተር ሳይክል ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሲሲ ናት?» ብሎ ነው። ዕቃ እያደረሰ ለሚኖር ሰው ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ። የፍሪሲዮን ገመዷ ጠዋት ቢበጠስ ከሰዓት በፊት ሌላ ይገኛል ወይ? ለሽርሽር የሚነዳ ሰው መለዋወጫ ሁለት ሳምንት ቢጠብቅ ይናደድ ይሆናል እንጂ ገቢው አይቋረጥም። አድራሽ ግን ሞተር ሳይክሏ የቆመች ዕለት እሱም ቆመ ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስቱን መደቦች የማወዳድረው በዚህ ዓይን ነው። አንደኛዋ በእጅ የሚያዝ ፍሪሲዮን የሌላት፣ ማርሿ ግን በእግር የሚቀየር 110 ናት። ሁለተኛዋ የተለመደችው 125 ናት። ሦስተኛዋ 150 ናት።

ስኩተርን የሚያስብም አለ። መንገዱ ደህና ከሆነ ምቹ ናት። ነገር ግን ጎማዋ ትንሽ ስለሆነ ጉድጓድ ላይ ትሰቃያለች። ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው የላስቲክ ቀበቶም ብዙውን ጊዜ 20,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ይቀየራል። ይህ ለአድራሽ የግማሽ ዓመት ጉዞ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትቻታለሁ።

ጉልበትና ነዳጅ

ቁጥሮቹ እንደ ሞዴሉ ይለያያሉ። በጥቅሉ ግን እንዲህ ይመስላሉ፦

| | 110 | 125 | 150 |
|---|---|---|---|
| ጉልበት (ፈረስ ጉልበት) | 8 ገደማ | 10–11 | 12–14 |
| ቤንዚን በ100 ኪሎ ሜትር | 1.9 ሊትር ገደማ | 2.2 ሊትር ገደማ | 2.7 ሊትር ገደማ |
| ፍሪሲዮን | በራሱ ይይዛል | በእጅ | በእጅ |
| የሚስማማት ሥራ | አጭር መንገድ፣ ቀላል ዕቃ | የከተማ ሥራ ሁሉ ማለት ይቻላል | ረጅም መንገድ፣ ዳገት፣ ከባድ ዕቃ |

አሁን ሒሳቡን በአንድ አድራሽ ላይ እንሥራው። በቀን 120 ኪሎ ሜትር ይነዳል እንበል፤ በወር 26 ቀን ይሠራል። ይህ 3,120 ኪሎ ሜትር ነው። በ110 ወደ 59 ሊትር ያቃጥላል፣ በ125 ወደ 69፣ በ150 ወደ 84። በመጀመሪያዋና በመጨረሻዋ መካከል በወር የ25 ሊትር ልዩነት አለ። የሊትሩን ዋጋ አባዙበትና ከወር ገቢያችሁ ጋር አስተያዩት። ብዙ ሰው 150ን የሚመርጠው ሲገዛ ብቻ አስቦ ነው። ልዩነቱን የሚከፍለው ግን በየወሩ ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም 110 አይገዛም? ትንሿ ኢንጂን ከባድ ሥራ ላይ ቀኑን ሙሉ ጋዟ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ስለምትውል ነው። ነጂው 70 ኪሎ፣ ሣጥኑ ከነዕቃው 25 ኪሎ ቢሆን፣ ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸች ትወጣለች። በአየር የሚቀዘቅዝ ኢንጂን ደግሞ ሙቀቱን የሚያራግፈው በነፋስ ነው። ዳገት ላይ ፍጥነት የለም፤ ፍጥነት ከሌለ ነፋስም የለም። ፒስተኑና በዙሪያው ያለው ቀለበት፣ ፋሻው፣ ቀድመው የሚያልቁት በዚህ ምክንያት ነው። 150ዋ ያንኑ ዳገት ግማሽ ጋዝ ላይ ሆና ትወጣዋለች።

ከፍታም ይቆጠራል። 2,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በወረቀት ላይ 10 ፈረስ ጉልበት ያላት 125 እዚያ 8 ገደማ ይቀራታል። ባለ ካርቡራተር ከሆነች ደግሞ ቤንዚን ይበዛባታል፤ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፤ ካንዴላዋ ይጠቁራል። ይህ በሽታ አይደለም። ካርቡራተሯ ላይ ቤንዚን የሚያሳልፈው ጂግለር በአነስተኛ ሲተካ ይስተካከላል። ቤንዚን በኢንጀክሽን የሚረጭላት ሞዴል ይህን ራሷ ታስተካክላለች። ከተበላሸች ግን መመርመሪያ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ትፈልጋለች። ካርቡራተርን ግን የትም ሠፈር ያለ መካኒክ ፈትቶ ያጥበዋል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ሥራችሁ ከተማ ውስጥ ከሆነና ዳገቱ መጠነኛ ከሆነ 125 ይበቃል። ከፍታ ላይ የምትሠሩ፣ መንገዳችሁ ዳገት የበዛበት፣ ወይም ከከተማ ውጭ የምትመላለሱ ከሆነ 150 ተገቢ ነው። 110 የምመክረው ሰነድና ምግብ ብቻ ለሚያደርስ ሰው ነው። አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ አጣሩ። በብዙ አገር የመንጃ ፈቃድ ደረጃ 125 ሲሲ ላይ ይለያል። የእናንተ ፈቃድ 150ን የማይሸፍን ከሆነ ክርክሩ እዚያው አለቀ።

በ125 ውስጥም ሁለት ዓይነት አለ

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሁለት 125 ጎን ለጎን ቆመው መልካቸው ሊመሳሰል ይችላል፤ ውስጣቸው ግን ሌላ ነው።

አንደኛው ዓይነት የሆንዳ ሲጂ 125 ዘር ነው። ሆንዳ ይህችን ሞተር ሳይክል እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣት ጥገና በማይበዛበት፣ ዕቃ በሚጫንበትና ዘይት በሰዓቱ በማይቀየርበት ቦታ እንድትሠራ አስቦ ነው። ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ካምሻፍት ከታች፣ ክራንኩ አጠገብ በጥርስ ይዞራል፤ ከዚያ ሁለት ዘንጎች ወደ ላይ ይገፋሉ። ስለዚህ ላይ ድረስ የሚወጣ፣ የሚላላና የሚንጫጫ ሰንሰለት የላትም። ድምጿ ሻካራ ነው፤ ከፍ ባለ ዙር ትንቀጠቀጣለች። በደል ግን ትችላለች። በቻይና ፋብሪካዎች በብዙ ስም የተገለበጠችውም እሷ ናት።

ሁለተኛው ዓይነት እንደ ያማሃ ዋይቢአር 125 ያለው ነው። ካምሻፍቱ የኢንጂኑ ራስ፣ ቴስታታው ላይ ነው፤ የሚያዞረውም ከታች የሚመጣ ሰንሰለት ነው። ለስላሳ ናት፤ ነዳጅ ትቆጥባለች፤ ቀኑን ሙሉ ሲነዷት እጅ አታደነዝዝም። ነገር ግን ዘይት ሲጎድልባት ወይም ሲያረጅባት አትታገስም። መጀመሪያ የሚጎዳው ላይኛው ክፍሏ ነው።

ዘይቷን በሰዓቱ እንደሚቀይር ለሚተማመን ሰው ሁለተኛዋ ትሻላለች። የቀድሞ ባለቤቷ ማን እንደነበረ በማይታወቅበት የአገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ ግን እኔ ወደ መጀመሪያዋ አደላለሁ። ምክንያቱም የምትገዙት ሞተር ሳይክሏን ብቻ አይደለም፤ ያለፈው ሰው የተዋትን ቸልተኝነትም ጭምር ነው።

በቻይና ግልባጮች ኢንጂን ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር ተመትቶ ይገኛል። የኢንጂኑ ቁጥር መጀመሪያ ላይ እንደ 156 ኤፍ ኤም አይ ወይም 162 ኤፍ ኤም ጄ ያለ ኮድ በእንግሊዝኛ ፊደል ይታያል። 1 ማለት አንድ ሲሊንደር ነው። 56 ወይም 62 የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። መጨረሻ ያለው ፊደል አይ ከሆነ 125፣ ጄ ከሆነ 150 ማለት ነው። ጎኗ ላይ «150» የሚል ተለጣፊ ኖሮ ኢንጂኗ ላይ 156 ከተመታ፣ ተለጣፊው ውሸቱን ነው። ፋሻና ፒስተን ስትገዙም ነጋዴው የሚፈልገው ይህንን ኮድ ነው እንጂ የተለጣፊውን ስም አይደለም።

መለዋወጫ፦ ከመሄዳችሁ በፊት የሚደረግ ፈተና

ሞተር ሳይክሏን ሳታዩ በፊት ሞዴሏን ጠይቁና ሦስት መለዋወጫ ሻጮች ጋ ደውሉ። አምስት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የፊት ፍሬን ሸራ፣ የካቴናና የጥርሶች ሙሉ ስብስብ፣ ሲዲአይ፣ እንዲሁም ፋሻ በመደበኛ መጠንና አንድ ደረጃ በሰፋ መጠን።

እነዚህን አምስቱን ያለ ምክንያት አልመረጥኳቸውም። ገመድ፣ ሸራና ካቴና ዘወትር የሚያልቁ ናቸው፤ በወር 3,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ያልቃሉ። ሲዲአይ ብልጭታውን የሚቆጣጠር ትንሽ ሣጥን ነው። ሳያስጠነቅቅ ይሞታል፤ ሲሞት ሞተር ሳይክሏ አትነሳም። የፋሻ ጥያቄ ደግሞ ኢንጂኑን እንደገና መሥራት ይቻል እንደሆነ ይነግራችኋል። ሲሊንደር ሲያልቅ በ0.25 ሚሊ ሜትር እርከን ይሰፋል፦ 0.25፣ 0.50፣ 0.75፣ 1.00። ሻጩን «ስንተኛ ስፋት ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። 1.00 ላይ ከደረሰ ቀጣዩ ጥገና አዲስ ሲሊንደር ነው።

መልሱን እንዲህ አንብቡት። ከሦስቱ ሻጮች ሁለቱ አምስቱንም «አለ» ካሉ ሞዴሏ ለሥራ ትሆናለች። «ካዘዝክ ይመጣል» የሚለው መልስ ለአድራሽ «የለም» ማለት ነው። ሲዲአይና ፋሻ ከሌሉ፣ ሌላው ሁሉ ቢገኝም ሞተር ሳይክሏን እለፏት።

ግልባጭ ሞዴሎች ላይ ደግሞ «ሁሉም ይገጥማል» የሚለውን ቃል በጭፍን አትመኑ። ስማቸው አንድ ሆኖ የፍሪሲዮን ሰሌዳቸው ወይም ጥርሳቸው የማይገጥም አለ። አሮጌውን ዕቃ ይዞ ሄዶ ጎን ለጎን ማስተያየት ነው የሚያዋጣው።

ሲታይ ምን ይታያል

ሻጩን «ከመምጣቴ በፊት አታስነሳት» በሉት። ስትደርሱ መጀመሪያ ኢንጂኑን በእጃችሁ ንኩት። ሞቆ ካገኛችሁት አንድ ነገር ሊደብቅ ይችላል። ቀዝቃዛ ኢንጂን ሲነሳ ያረጀ ሁሉ ይናገራል፤ ከሞቀ በኋላ ግን ብዙው ድምፅና ጭስ ይጠፋል። እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ ወይም ነገ ጠዋት ተመለሱ።

ስታስነሷት ከማርሚታው ጀርባ ቁሙ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነጭ እንፋሎት ውኃ ነው፤ አያሳስብም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፤ መቼ እንደሚመጣም ልብ በሉ። ስትነሳ ብቻ፣ ወይም ጋዙ ከተዘጋ በኋላ መልሶ ሲከፈት ብልጭ ብሎ ከጠፋ፣ ዘይቱ የሚገባው በቫልቮላው ጎሚኒ ነው። ይህ መጠነኛ ሥራ ነው። ጋዝ በተጫነ ቁጥር የሚጨስ ከሆነ ግን ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ አልቋል። ይህ ኢንጂን ማውረድ ነው።

ድምፅ ላይ ጀማሪ ይደናገራል። ከላይ የሚሰማ ቀጭን፣ እኩል የሆነ ጠቅ ጠቅ ቫልቮላው ላልቶ ነው። በሲጂ ዘር ላይ ክፍተቱ ሲቀዘቅዝ 0.08 ሚሊ ሜትር ይደረጋል፤ የአጭር ጊዜ ሥራ ነው። እንዲያውም ጨርሶ የማይሰማ ከሆነ ቫልቮላው ጠብቆ ሊሆን ይችላል፤ ያ የባሰ ነው። ከታች የሚመጣ፣ ጋዝ ሲሰጥ የሚጎላ ከባድ ድምፅ ከሰማችሁ ግን ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው የቢየላው ኩሽኔታ ነው። አመስግናችሁ ሂዱ። በሰንሰለት በምትሠራው 125 ላይ ደግሞ በስተግራ ጎን የሚንኳኳ፣ ሚኒሞ ላይ የሚሰማና ጋዝ ሲሰጥ የሚጠፋ ድምፅ የካም ሰንሰለቱ መላላት ምልክት ነው።

ፍሪሲዮኑን ለመፈተን መንገድ ላይ በመጨረሻው ማርሽ በመካከለኛ ፍጥነት ስትሄዱ ጋዙን በአንዴ ክፈቱት። ኢንጂኑ ጮሆ ፍጥነቱ ካልጨመረ ሰሌዳዎቹ ይንሸራተታሉ። ግን ወዲያው አትፍረዱ። የመኪና ዘይት ተሞልቶበትም ሊሆን ይችላል። አንዳንድ የመኪና ዘይት ግጭት የሚቀንስ ነገር ይጨመርበታል፤ የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ደግሞ ያው ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው። ለዚህ ነው ጣሳው ላይ ጃሶ ኤም ኤ የሚል ምልክት መፈለግ ያለበት። ዘይቱ ተቀይሮም የሚንሸራተት ከሆነ ሰሌዳዎቹ አልቀዋል።

አሁን ብዙ ገዢ የማያየው፣ ለአድራሽ ግን ዋናው ቦታ አለ። ኮርቻውን አንሡና ከሣጥኑ በታች ያለውን የኋላ ሻንሲ ተመልከቱ። ከባድ ሣጥን ከኋላው ጎማ መሐል አልፎ ወደ ኋላ ሲንጠለጠል፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ያንን ብረት ወደ ታች ይጎትተዋል። ስንጥቁ የሚጀምረው የኋላ አሞርዛተሮች ከላይ በሚታሰሩበት አካባቢና የዕቃ መጫኛው ብሎኖች በገቡበት ቀዳዳ ዙሪያ ነው። ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር ካያችሁ ስንጥቅ ነው። አዲስ ቀለም እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ከተቀባ፣ ከሥሩ ብየዳ ፈልጉ። ቀድሞ ዕቃ ስታመላልስ የኖረች ሞተር ሳይክል ሣጥኑ ቢነሳላትም የብሎኖቹ ምልክት አይጠፋም። ሻጩ «ቤትና ሥራ ብቻ ነው የተነዳችው» ካለና ምልክቱ ካለ፣ ሌላውንም ቃሉን በዚያው ሚዛን መዝኑት።

ስለተነዳችበት ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ብቻውን ምስክር አይሆንም። በገመድ የሚሠራ ቆጣሪ ገመዱ ከተፈታ ይቆማል። ይልቅ የእግር መርገጫውን ላስቲክ፣ የማርሽ መቀየሪያውን ጫፍና የፍሬን ፔዳሉን ተመልከቱ። ብረት እስኪወጣ የተላጨ ላስቲክና 15,000 የሚል ቆጣሪ አብረው አይሄዱም።

ካቴናው ግን በሜትር ይለካል። በዚህ መደብ ያሉት አብዛኞቹ 428 የሚባለውን ካቴና ይጠቀማሉ። ከአንዱ ፒን መሐል እስከ ሌላው 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ካቴናውን ወጥራችሁ ሃያ ክፍተት ለኩ፤ አዲስ ሲሆን 254 ሚሊ ሜትር ነው። 259 ከደረሰ አልቋል። ጥርሶቹ ሹል ሆነው ወደ አንድ ጎን ከተጠመዘዙ ካቴናውን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ ሦስቱም አብረው ይቀየራሉ።

ኤሌክትሪኩ በርካሽ የቮልት መለኪያ ይታወቃል። ጠፍታ ባትሪው 12.4 ቮልት ወይም በላይ ማሳየት አለበት። ተነስታ ጋዝ ከፍ ሲል ከ13.5 እስከ 14.8 መካከል መሆን ይገባዋል። ከ13 በታች ከቀረ ባትሪው አይሞላም፤ ከ15 ካለፈ ባትሪውን ይቀቅለዋል። አድራሽ ስልኩን ከሞተር ሳይክሏ ላይ ስለሚሞላ ይህ ለእሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ፊት ለፊቷን በአጭሩ ልለፈው። ጎማውን ከመሬት አንስታችሁ መሪውን ከጫፍ ጫፍ አዙሩት። መሐል ላይ እንደ ጥርስ የሚይዝ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። የሹካው ቱቦዎች ዘይት ካዘሉ ማኅተማቸው አልቋል፤ ቱቦው ራሱ ከተበላ ግን አዲሱ ማኅተምም አይበረክትም። ከኋላ አሥር እርምጃ ርቃችሁ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን እዩ። ጎማው ጎን ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. የ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ከዚያም ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የኢንጂን ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር በየፊደሉ ይመሳከር።

ሁለት ሞተር ሳይክሎች ጎን ለጎን

አሁን ይህን ሁሉ በምሳሌ እንየው። «ሀ» 150 ናት። ቀለሟ ያበራል፤ ቆጣሪዋ 18,000 ይላል። «ለ» ሲጂ ዘር 125 ናት። ታንኳ ተጭሯል፤ ቆጣሪዋ 41,000 ይላል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው እንበል።

«ሀ» ጋ ስንደርስ ኢንጂኑ ሞቋል። የመርገጫው ላስቲክ ተላጭቷል፤ 18,000ው አይታመንም። መንገድ ላይ ጋዝ በተሰጠ ቁጥር ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ከኮርቻው በታች ግራው አሞርዛተር በታሰረበት ቦታ አዲስ ቀለም አለ፤ ከሥሩ ብየዳ አለ። ኤሌክትሪኳ ደህና ነው፤ 14.1 ይላል። መለዋወጫ ስንጠይቅ ካቴና፣ ገመድና ሸራ አሉ፤ ፋሻና ሲዲአይ ግን በትዕዛዝ ነው።

«ለ» ቀዝቃዛ ናት፤ በሁለተኛው ርግጫ ትነሳለች። ጭስ የላትም። ከላይ ጠቅ ጠቅ ትላለች። ካቴናዋ 260 ሆኗል፤ ጥርሶቿም ሾለዋል። አንደኛው የፊት ሹካ ዘይት ያዛል። የኋላ ጎማዋ ሰባት ዓመት አልፎታል። ፍሪሲዮኗ ይይዛል፤ ሻንሲዋ ንጹሕ ነው። አምስቱም መለዋወጫ ሁለት ሻጮች ጋ ዛሬውኑ አለ።

በዝርዝር ብዛት ከታየ «ለ» ብዙ ጉድለት አለባት። ግን ጉድለቶቿ ምን እንደሆኑ እንይ። ካቴናና ጥርስ፣ የሹካ ማኅተም፣ ጎማ፣ የቫልቮላ ማስተካከያ። ሁሉም በአንድ ቀን ሥራ ያልቃሉ፤ ዋጋቸውም ቀድሞ ይታወቃል፤ ከመግዣው ላይም ይቀነስበታል። «ሀ» ያለባት ሁለት ጉድለት ብቻ ነው። ነገር ግን አንደኛው ኢንጂን ማውረድ ነው፤ ፋሻውም በትዕዛዝ ስለሆነ ሞተር ሳይክሏ ስንት ቀን እንደምትቆም አይታወቅም። ሲሊንደሩ ስንተኛ ስፋት ላይ እንደሆነም ሻጩ አያውቅም፤ ከተከፈተ በኋላ ነው የሚታየው። ሁለተኛው ሣጥን የሚሸከመው ብረት ነው። የተበየደው ብረት 25 ኪሎ ተጭኖበት ጉድጓድ ላይ ሲዘል ብየዳው ባይለቅ እንኳ ከጎኑ ሊሰነጠቅ ይችላል።

«ለ»ን እገዛለሁ። ፍርዱ የሚገለበጠው መቼ ነው? «ሀ» ሻንሲዋ ያልተበየደ ቢሆን፣ ጭሱ ጋዝ ተዘግቶ ሲከፈት ብቻ የሚመጣ የጎሚኒ ጭስ ቢሆን፣ ፋሻና ሲዲአይዋም መደርደሪያ ላይ ቢኖሩ ከከተማ ውጭ ለሚመላለስ ሰው «ሀ» ትሻለው ነበር። «ለ» ደግሞ ከታች ያ ከባድ ድምፅ ቢኖራት፣ የተቀረው ሁሉ ደህና ቢሆንም እተዋት ነበር።

ከገዛችሁ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ዘይቱን አፍስሱት። በዚህች ኢንጂን ውስጥ የሚገባው አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ ሲሶው ቢጎድል ችግር ነው። ስለዚህ መለኪያ ዘንጓ በየሳምንቱ ትታይ። የሲጂ ዘር የወረቀት ማጣሪያ የላትም፤ ዘይቱን የምታጣራው በወንፊትና በሚሽከረከር ማጣሪያ ነው። ወንፊቷ ከታች ባለው ትልቅ ብሎን በኩል ይወጣል። አጥባችሁ መልሱት፤ የፍሪሲዮን ገመዱንም ባይበጠስም ቀይሩት፤ አሮጌውን ከኮርቻ ሥር ለመጠባበቂያ ያዙት። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን እንደገና አፍስሱና ወንፊቱን ተመልከቱ። ጥቂት ግራጫ ዱቄት ቢኖር ያለ ነው። የሚያብረቀርቅ ስንጣሪ ካለ ማግኔት አስጠጉት። ከተጣበቀ ከጥርስ ወይም ከኩሽኔታ የመጣ ብረት ነው፤ ካልተጣበቀ ምናልባት የፒስተን አሉሚኒየም ነው። ከዚያ በኋላ ዘይቱ በየ2,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር፤ በዚህ ሥራ ላይ ይህ ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም።